ልጆቻችን የጻፉት ይነበብ! ለቤር ሼቫ ወላጆች የቀረበ ጥሪ

እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ወላጅ ሥራ ሲውል ታናናሾቻችሁን የምታስጠኑ ወጣቶች! ከሰፈር አሌፍ እስከ ሰፈር ዳሌት፣ ከነሐል ቤካ እስከ ራሞት ላላችሁ ሁሉ ይህን ጥሪ የማቀርበው እንደ መምህርም፣ እንደ ማኅበረሰባችን ልጅም ሆኜ ነው። ልጆቻችን የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። የሠሩት በስልክ ፎቶ ይነሣና ለመምህሩ ይላካል። ከሚላከው ውስጥ ግን ብዙው አይነበብም፤ ገጹ ተንጋዶ፣ ጥላ አጥልቶበት፣ ጽሑፉ ተድበስብሶ ይደርሳል። ልጁ የለፋበት ሥራ ከቤታችሁ እስከ መምህሩ ዓይን ባለችው አጭር መንገድ ላይ ይጠፋል። ይህን መንገድ ማቃናት በእጃችን ነው። አዲስ ስልክ መግዛት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሁላችንም በአንድነት መነሣታችን ነው።

የቤት ሥራን በፎቶ መላክ የለመድነው በክፉ ቀን ነው። በ2020 ኮሮና ትምህርት ቤቶቹን ሲዘጋ፣ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ በጦርነቱ ሳቢያ፣ ከዚያም በጁን 2025 ሚሳይል ሲዘንብና ሶሮካ ሆስፒታል ሳይቀር ሲመታ፣ ልጆቻችን ከቤት ተምረዋል። ደብተሩ ከቤት መውጣት በማይችልበት ቀን ፎቶው ነበር የሚወጣው። ክፉው ቀን ቢያልፍም ልማዱ አልቀረም። ዛሬም ልጅ ሲታመም፣ ደብተር ሲረሳ፣ መምህር ሥራውን ቀድሞ ማየት ሲፈልግ፣ የሚላከው ፎቶ ነው። ስለዚህ ፎቶው ደህና መሆን አለበት።

ፎቶው ለምን እስከዚህ ድረስ መጥራት እንዳለበት በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። መምህር ከገጹ ላይ የሚፈልገው መልሱን ብቻ አይደለም። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ 502 − 178 ስንት ነው ተብሎ ተጠየቀ እንበል። ትክክለኛው መልስ 324 ነው፤ ልጁ የጻፈው ግን 334 ነው። ከ2 ላይ 8 አይቀነስም፤ ስለዚህ መበደር አለበት። አጠገቡ ያለው የአስር ቤት ደግሞ 0 ስለሆነ የሚያበድረው የለውም፤ መጀመሪያ እሱ ራሱ ከመቶ ቤት ይበደራል። 5 የነበረው 4 ይሆናል፤ 0 የነበረው 10 ይሆናል። ከዚያ 10 የሆነው ለአንድ ቤት አበድሮ ወደ 9 ይወርዳል፤ 2 የነበረውም 12 ይሆናል። ልጆች ይህን ሁሉ የሚጽፉት ከቁጥሮቹ አናት ላይ፣ በትናንሽ ቁጥር፣ አንዳንዱን እየሰረዙ ነው።

ፎቶው የጠራ ከሆነ፣ ከ0 አናት ላይ 10 ተጽፎ እንዳልተሰረዘ አያለሁ። ልጁ መበደርን ያውቃል፤ ከመቶ ቤት መጀመርንም ያውቃል። የረሳው የአስር ቤት ካበደረ በኋላ በአንድ መጉደሉን ብቻ ነው፤ ከ9 ፈንታ ከ10 ላይ 7 ቀንሶ 3 ጻፈ። ስሕተቱ ይህችው ናት፤ በማግስቱ ጠዋት አጠገቡ ቁጭ ብዬ በጥቂት ደቂቃ አቃናታለሁ። ፎቶው የደበዘዘ ከሆነ ግን ከቁጥሮቹ በላይ የማየው ግራጫ ጭረት ነው። መልሱ ስሕተት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለምን እንደተሳሳተ አላውቅም። ሲቆጥር ተሳስቶ ይሆን? መበደር ጨርሶ አልገባው ይሆን? ይህን መለየት ሲያቅት ልጁ የገባውን ትምህርት ከሥሩ እንደገና እንዲማር ይደረጋል፤ ይባስ ብሎም «መቀነስ ይከብደዋል» ተብሎ ይያዝበታል። የሚችሉ ልጆቻችን እንደማይችሉ ሲቆጠሩ ስንቶቻችን አይተናል! ይህ ዳግመኛ በጭረትና በጥላ ምክንያት እንዲሆን መፍቀድ የለብንም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ልጁ ከመላኩ በፊት ገጹን በላጲስ አጽድቶ «እንዲያምር» እንዲያደርግ አትንገሩት። የተሰረዘው ቁጥር ለመምህሩ ከተጻፈው ያላነሰ ይናገራል።

በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይረቅቃል። በእነዚህ ክፍሎች የዕብራይስጥ ቃል የሚጻፈው ከነነጥቦቹ ነው። ቫቭ የምትባለው ፊደል ነጥቧ ከላይ ከሆነ «ኦ»፣ መሐሏ ላይ ከሆነ «ኡ» ትባላለች። ከፊደል ሥር አንድ ነጥብ ካለ «ኢ»፣ ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ካሉ «ኤ» ነው። አማርኛ የምታነብቡ ነገሩ ይገባችኋል፤ «ቡ» ከጎኗ ያለችውን ቅንጣት ብታጣ «በ» ሆና ነው የምትነበበው። ነጥቡ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ዋትሳፕ ፎቶን በተለመደው ደረጃ ሲልክ ያሳንሰዋል፤ የፎቶው ረጅሙ ጎን ወደ 1600 ፒክስል ገደማ ይወርዳል። ፒክስል ማለት ፎቶው የተሠራበት ትንሿ የቀለም ጠብታ ናት። የመልመጃ መጽሐፉ ቁመት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ገጹ ፎቶውን ሞልቶት ከሆነ ለያንዳንዱ ሚሊሜትር ከ5 ጥቂት የሚበልጥ ፒክስል ይደርሰዋል፤ ያቺ ነጥብም 2 ወይም 3 ፒክስል አግኝታ ትታያለች። ገጹ የፎቶውን ግማሽ ብቻ ይዞ ቀሪው የጠረጴዛ ልብስ፣ የሻይ ብርጭቆና የልጁ ክርን ከሆነ፣ ለነጥቧ የሚተርፋት 1 ፒክስል ገደማ ነው። ያን ጊዜ ነጥብ ትሁን የወረቀት እድፍ የሚለይ ሰው የለም። ሁለት ገጽ ባንድ ላይ ማንሣትም ይህንኑ ያመጣል። ስለዚህ አንድ ገጽ፣ አንድ ፎቶ፤ ገጹም ፎቶውን ይሙላው።

ወላጆች ሆይ! ብዙዎቻችሁ «እኔ ዕብራይስጡን አላነብም፤ ልጄን በትምህርት ምን ልረዳው?» ትላላችሁ። አያቶችም እንዲሁ። ይኸውላችሁ ሥራ! ገጹን አቃንቶና አጥርቶ ለማንሣት አንዲት የዕብራይስጥ ፊደል ማወቅ አያስፈልግም። መስመሩ ቀጥ ማለቱን፣ ጥላ አለመኖሩን፣ የልጁ የእርሳስ ጭረት ጥርት ብሎ መታየቱን ማየት ማንም ዓይን ያለው ይችላል። ጎንደር ላይ በልጅነቱ እርሳስ ያልጨበጠ አያት፣ ቤር ሼቫ ላይ የልጅ ልጁን ሥራ ሳይጎድል ለመምህሩ ማድረስ ይችላል። ይህን ሥራ ለልጁ ብቻ አትተዉለት፤ ልጅ ይቸኩላል፤ አንዴ ጠቅ አድርጎ ወደ ጨዋታው ይሮጣል። አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ይቁም።

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ብርሃኑ ነው። ፎቶዎቹ በብዛት የሚበላሹት ቅዳሜ ማታ ነው፤ ምክንያቱንም ሁላችንም እናውቀዋለን። ሥራው ለእሑድ ነው፣ የሚላከውም ቅዳሜ ማታ ነው፤ ሰንበትን እናከብራለን፤ ሰንበት ሲወጣ ልጁ ቦርሳውን ከፍቶ «እማዬ፣ ፎቶ!» ይላል። ከጠረጴዛው በላይ ያለው አንድ አምፖል ብቻ ነው። ስልክ ብርሃን ሲያንሰው ዓይኑን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ይጠብቃል፤ በዚያች ቅጽበት እጃችሁ ትንሽ ከተነቃነቀ ፊደሉ ሁሉ ይጎተታል። በዚያ ላይ አምፖሉ ከአናታችሁ በላይ ስለሆነ የስልኩና የእጃችሁ ጥላ በትክክል ገጹ መሐል ላይ ያርፋል። እንግዲህ ልማዱን እንለውጥ፤ ገጹ የሚነሣው በሚላክበት ማታ ሳይሆን ሥራው ባለቀበት ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሁን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተሠራው ሐሙስ ይነሣ። ዓርብ የተሠራው ሰንበት ሳይገባ ይነሣ። በክረምት ዓርብ ቶሎ ስለሚመሽ ልጁ ከትምህርት ቤት እንደገባ፣ የምግቡ ጥድፊያ ሳይጀምር፣ አምስት ደቂቃ ስጡት።

ብርሃን የበዛበት አገር ነው ያለነው፤ የኔጌቭ ፀሐይ ግን በቀጥታ ገጹ ላይ ስታርፍ ታበላሻለች። ፀሐይ ያረፈበት ወገን ነጭ ሆኖ እርሳሱን ይውጠዋል፤ ያላረፈበት ወገን ይጠቁራል። ትሪሱን በግማሽ ዘግታችሁ ከሆነ ደግሞ በቀዳዳዎቹ የሚገባው ብርሃን ገጹን እንደ ሜዳ አህያ ያዥጎረጉረዋል፤ መስመሮቹም ከደብተሩ መስመር ጋር ይቀላቀላሉ። ትሪሱን ሙሉ ለሙሉ አንሡትና ጠረጴዛውን ፀሐይዋ ከማትደርስበት ቦታ፣ ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ወይም በዚያ ሰዓት ፀሐይ የማትመታውን መስኮት ምረጡ። ብርሃኑ ከግራ ወይም ከቀኝ ይምጣ፤ ጀርባችሁን ለመስኮቱ ከሰጣችሁ ጥላችሁ ገጹ ላይ ይወድቃል። ፍላሹን አጥፉት። የእርሳስ ጽሑፍ ያብለጨልጫል፣ የመልመጃ መጽሐፉ ወረቀትም ብዙ ጊዜ አንጸባራቂ ነው፤ ፍላሹ መሐሉ ላይ ነጭ ክብ ሠርቶ የዚያን ቦታ ጽሑፍ ያጠፋዋል።

የብዙ ልጆች መኝታና ማጥኛ ክፍል ማማዱ መሆኑን አውቃለሁ። የብረት መስኮቱ ሲዘጋ የቀን ብርሃን የለም፤ የቀረው የጣሪያው መብራት ነው። ደህና ቀን ከሆነ ደብተሩን ወደ ሳሎን አውጡት። መውጣት በማይቻልበት ቀን ወይም በግድ ማታ ከሆነ፣ የጣሪያውን መብራት ብቻ አትመኑ። የጠረጴዛ መብራት ካለ በግራ ወይም በቀኝ በኩል አስቀምጡ፤ ከሌለም ሌላ ሰው የሌላ ስልክ የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ራቅ አድርጎ ይያዝላችሁ። ቆማችሁ ስታዩት በእርሳሱ ላይ ብልጭታ ካለ ደብተሩን ትንሽ አዙሩት፤ ብልጭታው እስኪጠፋ ድረስ ማዞር ነው።

ቀጥሎ ማቃናት። ገጽ የሚንጋደደው ስልኩን አዘንብለን ከወንበራችን ሳንነሣ ስለምናነሣው ነው። ወደ እኛ የቀረበው የገጹ ጠርዝ ይሰፋል፣ የራቀው ይጠባል፤ በራቀው በኩል ያለው ጽሑፍ አንሶም ደብዝዞም ይመጣል። ስለዚህ ተነሡና ከደብተሩ በላይ ቁሙ። ስልኩ ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ይሁን፤ ብርጭቆ ብታስቀምጡበት እንደማይንሸራተት ሆኖ ይተኛ። በስልኩ የካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ስክሪኑን ዘጠኝ ቦታ የሚከፍሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ አብሯቸው። የገጹን ጠርዝ ከእነዚያ መስመሮች ጋር አስተያዩት። በአይፎን ላይ በካሜራ ሴቲንግ ውስጥ Level የሚለው በርቶ ስልኩ ወደ ታች ሲያይ ሁለት ትናንሽ የመደመር ምልክቶች ይታያሉ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲያርፉ ስልኩ ተስተካክሏል ማለት ነው።

የሒሳብ ደብተር ከሆነ ከዚህ የተሻለ መለኪያ ራሱ ደብተሩ ላይ አለ፤ ካሬዎቹ። ካነሣችሁ በኋላ ከላይ ጥግ ያለውን አንድ ካሬ ከታች ጥግ ካለው ጋር አወዳድሩ። እኩል ከሆኑ ስልኩ በትክክል ተይዞ ነበር። የላዩ ካነሰ ስልኩ ወደ እናንተ አዘንብሏል። በአንድ ጎን ያሉት ካነሱ ስልኩ ወደ ጎን ዘንብሏል። ይህን ለልጁም አሳዩት፤ ልጆች ካሬ ማወዳደር ይወዳሉ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ እናንተን የሚያርማችሁ እሱ ይሆናል።

ደብተሩ መሐሉ ላይ ስለሚያብጥ ሁለቱን ወገን በመዳፋችሁ ጫን አድርጋችሁ ዘርጉት። ልጁ የገጹን ጠርዝ በጣቱ ጫፍ ይያዝ፤ ጽሑፍ ላይ ግን ጣት አይረፍ። ማዝጋኑ ወይም ቬንቲላተሩ ገጹን የሚያነሣው ከሆነ ለአንድ ደቂቃ አጥፉት። ከደብተሩ ሥር አንድ ቀለም ያለው፣ ጠቆር ያለ ጨርቅ አንጥፉ። ነጭ ገጽ በነጭ ጠረጴዛ ላይ ጠርዙ አይለይም፤ አበባ በበዛበት የጠረጴዛ ልብስ ላይም እንዲሁ።

ከዚያ መጥራቱ። መጀመሪያ የካሜራውን መስታወት ጥረጉ። ቀላል መስሎ አይታያችሁ፤ በከተማችን አቧራ አለ፣ ስልኩም ወጥ ቤት ይውላል፣ ልጆቹም በጣታቸው ይዳስሱታል። ንጹሕና ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል፤ ቀስ ብሎ በክብ መጥረግ ነው።

ከዚያ ርቀቱን እዩ። ብዙ ሰው ጽሑፉ ትንሽ ስለሆነ ስልኩን ወደ ገጹ ያስጠጋዋል፤ ይህ ግን የሚያበላሸው ነገር ነው። የስልክ ካሜራ ከተወሰነ ርቀት በታች አጥርቶ ማየት አይችልም፤ በተለይ አዳዲሶቹ ስልኮች ላይ ይህ ርቀት ወደ አንድ ስንዝር ይጠጋል። አንዳንዶቹ ስልኮች በጣም ሲጠጉ ራሳቸው ወደ ሰፊው ሌንስ ይለወጡና የገጹን ጠርዝ ያጎብጡታል። ስለዚህ ስልኩን ከገጹ አንድ ስንዝር ተኩል፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ደብተሩ ትንሽ ሆኖ ዙሪያው ክፍት ቦታ ከተረፈ አትጨነቁ፤ ካነሣችሁ በኋላ ትርፉን ቆርጣችሁ ጣሉት። ያልጠራን ፎቶ ግን ቆርጦ ማጥራት አይቻልም። በስክሪኑ ላይ 0.5 የሚለውን አትጠቀሙ፤ 1 የሚለው ላይ ይሁን።

ሁለቱንም ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ያለበትን ቦታ፣ ከገጹ መሐል አካባቢ፣ አንዴ በጣታችሁ ንኩት፤ ካሜራው እሱን አጥርቶ እስኪይዝ አንድ ትንፋሽ ጠብቁ። ከዚያ ቁልፏን ጫን ሳይሆን ዳሰስ አድርጉ። መጫኑ ስልኩን የሚያነቃንቀው ከሆነ ከጎን ያለውን የድምፅ ቁልፍ ተጠቀሙ።

አሁን ተመልከቱት። ፎቶውን ክፈቱና በሁለት ጣት አስፍታችሁ አራቱን ማዕዘን በየተራ እዩ፤ መሐሉን ብቻ አይታችሁ አትላኩ። ጥሩ ካልሆነ ምን እንደጎደለ ፎቶው ራሱ ይነግራችኋል። ፊደሉ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከሆነ እጅ ተነቃንቋል፤ ብርሃን ጨምሩ፣ ክርናችሁን አስደግፉ። አንዱ ወገን ጠርቶ ሌላው ከደበዘዘ ስልኩ ዘንብሏል ወይም ገጹ አብጧል። ሁሉም እኩል ከደበዘዘ ተጠግታችኋል ወይም ስክሪኑን አልነካችሁም። ጉም የለበሰ መስሎ ነጩና ጥቁሩ ከተቀላቀለ መስታወቱ ቆሽሿል። አሸዋ የተበተነበት ከመሰለ ብርሃኑ አንሷል። ደግማችሁ አንሡ፤ ሁለተኛው ፎቶ አንድ ደቂቃ አይወስድም።

በመጨረሻ መላኩ አለ፤ እስካሁን የለፋችሁበት እዚህም ሊበላሽ ይችላል። በዋትሳፕ ፎቶውን ከመረጣችሁ በኋላ፣ ከመላካችሁ በፊት፣ ከላይ በኩል HD የሚል ምልክት ታያላችሁ፤ እሱን ነክታችሁ ከፍተኛውን ደረጃ ምረጡ። ያን ጊዜ ፎቶው ከተለመደው እጅግ የሚበልጥ ዝርዝር ይዞ ይደርሳል። ከዚያም የሚበልጠው ፎቶውን በፎቶ መልክ ሳይሆን በዶክመንት መልክ መላክ ነው፤ ዋትሳፕ ያን ጊዜ አያሳንሰውም። የፎቶውን ስክሪንሾት አንሥታችሁ አትላኩ፤ ከዘመድ ስልክ ወደ እናንተ፣ ከእናንተ ወደ መምህር እየተቀባበለ የሚሄደውም እየደበዘዘ ይሄዳል። ከተነሣበት ስልክ በቀጥታ ይላክ።

ገጽን ፈልጎ የሚያቃናና ትርፉን የሚቆርጥ የስካን አገልግሎት በብዙ ስልኮች ላይ አለ፤ በአይፎን የማስታወሻ መተግበሪያው ውስጥ፣ በአንድሮይድ ደግሞ በጉግል ድራይቭ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሁለት ነገር እወቁለት። የተንጋደደውን ያቃናል እንጂ የደበዘዘውን አያጠራም። ቀለሙንም ወደ ጥቁርና ነጭ ከለወጠው ፈዘዝ ያለ እርሳስና የተሰረዘ ቁጥር ይጠፋል፤ ከ0 አናት ላይ ያለችው ያቺ 10 ቀድማ ትሄዳለች። ስለዚህ በቀለም እንዲሆን ምረጡ።

ሌላው፣ የልጁን ሥራ ለመምህሩ ብቻ ላኩ እንጂ ለክፍሉ የወላጆች ግሩፕ አትላኩት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብዳቤ፣ መታወቂያና የመድኃኒት ወረቀትም ከማንሣታችሁ በፊት ዘወር አድርጉት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህን አንድ ቤት ብቻውን ቢያውቀው አይበቃም። ከሌሊት ሥራ ገብታ ዓይኗን መግለጥ ያቃታት እናት አለች። ስልኩ አሮጌ የሆነ አባት አለ። ብቻውን የልጅ ልጆች የሚያሳድግ አያት አለ። ስለዚህ በየሕንጻው፣ በየመግቢያው እንደራጅ። እያንዳንዱ መግቢያ መስኮቱ ደህና ብርሃን ያለው አንድ ቤት ይምረጥ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት በሩን ይክፈት። ጠቆር ያለ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ይነጠፍ፤ ደህና ስልክ ያለው አንድ ሰው ይቀመጥ፤ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይምጡ። ፎቶው ለልጁ ወላጅ ስልክ በዶክመንት መልክ ይተላለፍና ወላጁ ለመምህሩ ይላከው፤ ከዚያ ያነሣው ሰው ከስልኩ ያጥፋው። የሚያውቅ ሰው ለሁለት ጎረቤት ያሳይ፤ ሲያሳይም ስልኩን ከእጃቸው አይንጠቅ፣ እነሱ ራሳቸው ያንሡ።

የየክፍሉ የወላጆች ኮሚቴ አባላት፣ ከእናንተ ሁለት ነገር እንፈልጋለን። አንደኛ፣ በሰፈራችን ማትናስ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሁለት የጎን መብራት በቋሚነት እንዲቀመጥ ጠይቁ፤ በክረምት ለሚመሽባቸው ልጆች ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ መምህራን የእሑድን ሥራ የሚቀበሉበትን ሰዓት ከቅዳሜ ማታ ወደ ዓርብ ቀትር ወይም ወደ እሑድ ጠዋት እንዲያዛውሩ በስማችን ተናገሩ። እኔም በመምህራኑ ስብሰባ ላይ ይህንኑ አነሣለሁ። አንድ ወላጅ ብቻውን ቢናገር ሰበብ ይመስላል፤ የክፍሉ ወላጆች ሁሉ ባንድ ድምፅ ቢናገሩ ይሰማል።

የእኔን ድርሻም እነግራችኋለሁ። ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ ለሚደርሰኝ ለያንዳንዱ ፎቶ መልስ እሰጣለሁ፤ ከተነበበ «ተነቧል»፣ ካልተነበበ ደግሞ «ጥላ»፣ «ዘንበል»፣ «ቅርብ»፣ «መስታወት» ብዬ የጎደለውን በአንድ ቃል እጽፍላችኋለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ ደውሉ፤ የመግቢያችሁን ጎረቤቶች ሰብስቡ፤ የማን ቤት እንደሚከፈት ተስማሙና የመረጣችሁትን ቤትና ሰዓት እስከ ረቡዕ አሳውቁኝ። ሐሙስ ልጆቹ ሲመጡ መጀመሪያ የሒሳብ ደብተሩን አስነሡ፤ ካሬው ስላለ ለመጀመሪያ ቀን እሱ ይቀላል።